«3 ጤፍ» ስንት ነው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለሚቆጠሩና ስለማይቆጠሩ ስሞች ነው። እርሳስና ወረቀት ከያዛችሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

«ከጎረቤቴ 3 ጤፍ ተበድሬአለሁ።»

አሁን መልሳችሁ አንብቧት። ፊደሉ ልክ ነው። ግን 3 ምን? 3 ቁና ነው ወይስ 3 ኩንታል? 3 ኩንታል እኮ 300 ኪሎ ነው! አበዳሪው «ኩንታል ነው» ቢል፣ ተበዳሪው ደግሞ «ቁና ነው» ቢል፣ ይህ ወረቀት ሁለቱን አያስታርቅም። «3 በግ» ተብሎ ቢጻፍ ግን «3 ምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ልዩነቱ ከምን መጣ? ከትርጉሙ ነው። በግ ከራሱ እስከ ጭራው አንድ ነው። ለሁለት ብትከፍሉት ሥጋ ይሆናል እንጂ ግማሹ በግ አይባልም። ጤፍን ግን ለሁለት ብትከፍሉት ግማሹም ጤፍ ነው፤ ቀሪውም ጤፍ ነው። አንዱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ስሙ አይነግረንም። ስለዚህ በቁጥሩና በስሙ መካከል መስፈሪያ እናስገባለን፤ 3 ኩንታል ጤፍ፣ 2 ጣሳ ዱቄት፣ 1 ሊትር ዘይት እንላለን።

«ቡና ቤት ገብተን 2 ቡና አምጣ እንል የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እዚያ ግን መስፈሪያው ስኒ መሆኑን አዛዡም ታዛዡም ያውቁታል። ለባለሱቅ በወረቀት «2 ቡና ላክልኝ» ብላችሁ ብትጽፉለት ግን ስኒው አይታሰበውም። 2 ኪሎ መሆኑን መጻፍ ይኖርባችኋል።

እሺ፣ በዓይን የማይታየውስ? ምክርን እንውሰድ። «ይህ ልጅ ምክር አይሰማም» ስንል አንድ ወይም ሁለት ብለን አንቆጥርም፤ መመከሩን በጠቅላላው ነው የምንለው። «2 ምክር ልስጥህ» ስንል ግን ቆጠርን። እዚህ ላይ ምክር ማለት እያንዳንዱ የተነገረው ቁም ነገር ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉሙ ሲለወጥ አነጋገሩም ተለወጠ። መረጃም እንደዚሁ ነው። «መረጃ የለኝም» እና «3 መረጃዎች ደረሱኝ» ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አሁን ወደ የቤት ዕቃ እንምጣ። አንድ ሰው ቤቱን ከነዕቃው ሲያከራይ በውሉ ላይ «7 የቤት ዕቃ አስረክቤአለሁ» ብሎ ጻፈ እንበል። ያስረከበው 1 አልጋ፣ 1 ቁም ሣጥን፣ 1 ጠረጴዛና 4 ወንበር ነበር። ተከራዩ ሲወጣ ቁም ሣጥኑ የለም፤ በቦታው አንድ በርጩማ ተቀምጧል። ሲቆጠር ግን 7 ነው! ውሉ አልፈረሰም ብሎ ቢከራከር ምን ይመለስለታል? ዕቃ የሚለው ቃል ትልቁንም ትንሹንም ስለሚይዝ፣ ቁጥሩ ብቻውን የጠፋውን አያሳይም። ስለዚህ እያንዳንዱን በየስሙ መዘርዘር ያስፈልጋል።

እንግሊዝኛ የጀመራችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እንግሊዞች ምክርን አድቫይስ፣ መረጃን ኢንፎርሜሽን፣ የቤት ዕቃን ፈርኒቸር ይላሉ። እነዚህን ሦስቱን ልክ እንደ ጤፍ ያዩአቸዋል። ከቤት ዕቃው ወንበሮቹ ቢወጡ፣ የቀረውም ያው የቤት ዕቃ ነው። ከምክሩ ግማሹ ቢነገር፣ እሱም ምክር ነው።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ቱ ፈርኒቸርስ» ወይም «ኤን አድቫይስ» አይባልም። ብዙ ቁጥር የምታመለክተው «ስ» አትጨመርም። መቁጠር ሲያስፈልግ እንደ ቁና የሚያገለግል «ፒስ» የሚባል ቃል አላቸው። አንድ ምክር «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ነው፤ ሁለት የቤት ዕቃ «ቱ ፒስስ ኦፍ ፈርኒቸር» ነው። ብዙ ቁጥሩን የያዘው ፒስ እንጂ ፈርኒቸር አይደለም። ወንበር ማለትም «ቼር» ግን እንደ በጉ ስለሆነ «ቱ ቼርስ» ይባላል።

በእኛ ቋንቋ 2 ምክር ስለሚባል በእንግሊዝኛም ይባላል ማለት አይደለም። አንዱ ቋንቋ የሚቆጥረውን ሌላው ይሰፍረዋል። ስለዚህ አዲስ የእንግሊዝኛ ስም ስትማሩ የሚቆጠር መሆን አለመሆኑን አብራችሁ ያዙ።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ተመለሱና ከ3 ቀጥላችሁ መስፈሪያውን ጻፉባት። ከዚያም በቤታችሁ ያለውን ዕቃ በየስሙ ዘርዝራችሁ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ቁጥሩን አስቀምጡ። መስፈሪያ የሚፈልግ ስም ካጋጠማችሁ መስፈሪያውን አትርሱ።