ያገለገለ ብስክሌት ሲሸጥ ማስታወቂያው ምን ይበል?

ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ በመሆኗ በብስክሌት ሥራ የሚመላለስ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር ሠራተኛ ግን ዳገቱን ሲያስብ ብስክሌቱን ሸጦ መሄድን ሊመርጥ ይችላል። ታዲያ ብዙዎች «ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ፣ ዋጋ በስምምነት» ብለው ይለጥፋሉ። ገዢው ከዚህ ምንም አያውቅም፤ ሻጩም የመሄጃ ቀኑ እየቀረበ በስልክ ጥያቄ ሲመልስ ይውላል።

ከማርሹ እንጀምር። «ባለ 21 ማርሽ» ማለት ፊት 3፣ ኋላ 7 ጥርሳም ክብ አለው ማለት ነው፤ ስለ ጤንነቱ አይናገርም። ጤንነቱን የሚናገረው ሰንሰለቱ ነው። በኢንች የተሰመረ ማስመሪያ ተይዞ ዜሮው በአንዱ ፒን መሐል ላይ ይደረጋል። ሰንሰለቱ አዲስ ከሆነ የ12 ኢንቹ መስመር ልክ በሌላ ፒን መሐል ላይ ያርፋል። ፒኑ ከመስመሩ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ካለፈ ሰንሰለቱ መቀየር አለበት። ሦስት ሚሊ ሜትር ካለፈ ደግሞ የኋላዎቹ ጥርሶችም አብረው ሳይበሉ አይቀሩም። በተበሉ ጥርሶች ላይ አዲስ ሰንሰለት ቢገጠም ጠንከር ተደርጎ ሲረገጥ ይዘላል፤ ስለዚህ የገዢው ወጪ የሰንሰለት ብቻ አይሆንም።

ፍሬን ላይ ብዙ ሻጮች «ይይዛል» ብለው ያልፋሉ። ቸርኬውን ከጎንና ከጎን በሚይዝ ፍሬን ላይ የሚታዩት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የፍሬን ጎማው ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ቦይ ከጠፋ አልቋል። ሁለተኛው ራሱ ቸርኬው ነው። ፍሬን የሚያርፍበት ጎን በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ብረቱ ሳስቷል፤ እየሳሳ ሄዶ በጎማው ንፋስ ግፊት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ይህ ጉድለት በፍጹም መደበቅ የለበትም።

ጎማ ላይ ደግሞ ጎኑ ላይ የታተመው ቁጥር ሙሉውን ይጻፍ። «26» ብቻ አይበቃም፤ 26 × 1.95 እና 26 × 1 3/8 በስም ቢመሳሰሉም የቸርኬያቸው ዲያሜትር ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በፀሐይ ብዛት ጎኑ ይሰነጣጠቃል፤ ክሩ ከታየ መቀየር አለበት።

እነዚህን የመረመረ ሻጭ ማስታወቂያውን እንዲህ ሊጽፈው ይችላል፦

«ወደ ሌላ ከተማ ስለምዛወር የሚሸጥ። ባለ 21 ማርሽ፣ ሁሉም ይገባሉ። ሰንሰለቱ ስለተለጠጠ መቀየር ይፈልጋል፤ ጥርሶቹ ደህና ናቸው። የፊት የፍሬን ጎማ አዲስ ነው፣ የኋላው ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ቸርኬዎቹ አልጎደጎዱም። ጎማ 26 × 1.95፤ የፊተኛው ጎኑ ላይ ስንጥቅ አለው፣ ክር አልታየም። ነድቶ መሞከር ይቻላል። እስከ ወሩ መጨረሻ አለሁ።»

ከዚህ ጋር የሰንሰለቱ፣ የቸርኬውና የተሰነጠቀው ጎማ ፎቶ በቅርበት ተነሥቶ ቢያያዝ፣ ገዢው ለሰንሰለትና ለፍሬን ጎማ የሚያወጣውን ገንዘብ ከጋራዥ ጠይቆ ከዋጋው ላይ አስልቶ ይመጣል።