ቀን ______፣ ሜዳ ______

ክረምት ሲገባ በየሰፈሩ ሱቅ በር ላይና በየቴሌግራሙ የታዳጊዎች ውድድር ማስታወቂያ ይበዛል። አብዛኛው አዲስ አይደለም፤ የአምናው ወጥቶ ቀኑ፣ ሜዳውና የምዝገባው መስመር ባዶ ይደረግና እንደገና ይሞላል። ሥራ የሚያቀል ዘዴ ነው፤ ጣጣው ያለው ባዶው መስመር ላይ ነው።

አንድ ሰፈር በነሐሴ 2018 ዓ.ም. ከ15 ዓመት በታች ስምንት ቡድኖችን ሊያጫውት አሰበ እንበል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ቀን ______» የሚል አንድ መስመር ብቻ አለ። ስምንቱ በሁለት ምድብ ከተደለደሉና በየምድባቸው እርስ በርስ ከተጋጠሙ 12 ጨዋታ ይሆናል። ሁለት የግማሽ ፍጻሜ፣ የደረጃና የዋንጫ ጨዋታ ሲጨመር 16 ይደርሳል። አጋማሹ 30 ደቂቃ ቢሆን፣ ከእረፍቱና ከመግቢያ መውጫው ጋር ለአንድ ጨዋታ አንድ ሰዓት ተኩል ይያዛል። በአንድ ሜዳ አራት ጨዋታ ለማካሄድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። ምድቡ ሦስት ቀን፣ ግማሽ ፍጻሜው አንድ ቀን፣ ፍጻሜው አንድ ቀን፤ በቅዳሜና እሑድ ብቻ ከተጫወቱ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ያልቃል። ስለዚህ መስመሩ «ከ______ እስከ ______፤ ዝናብ ከከለከለ ______» መሆን አለበት። የነሐሴ ዝናብ ሜዳውን ሐይቅ ሲያደርገው ተለዋጭ ቀን ያልጻፈ አዘጋጅ ስልኩ አያርፍም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ስልኩ ላይ 9:00 ያየ ሰው ያንኑ ቢገለብጥ፣ ግማሹ ቡድን ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ዋናው ጠብ ግን የሚነሣው ከዕድሜ ነው። «ከ15 ዓመት በታች» ሲባል መቼ? በምዝገባው ቀን ወይስ በፍጻሜው? በመሐል 15 የሚሞላው ልጅ ይግባ ወይስ ይቅር? ማስታወቂያው «መስከረም 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ» ካለ ክርክሩ ያበቃል፤ እንዲህ ያለው ልጅ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 15 አይሞላውም። «ዓ.ም.» የምትለዋን ምሕጻር መርሳት ግን አያዋጣም። 2004ን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚያነብ ካለ 21 ወይም 22 ዓመት የሆነው ጎረምሳ መታጠፊያ ጫማውን አስሮ ሊመጣ ይችላል! ፓስፖርት ለሚያመጡትም በቅንፍ «በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 2011» ማለት ነው።

የምዝገባው መስመር ሲሞላ እንዲህ ይነበባል፦

«ምዝገባ፦ እስከ ______ ቀን ______ ሰዓት፣ በ______። አንድ ቡድን እስከ ______ ተጫዋች ያስመዘግባል። የልደት ማስረጃ ዋናውና ቅጂው፣ የወላጅ ፊርማ ያለበት ፈቃድ፣ ሁለት ፎቶ። ክፍያ ______ ብር፤ ስልክ ______።»

ዋናው ማስረጃ የሚጠየቀው ቅጂ ላይ ቁጥር መፋቅ ስለሚቀል ነው። ሜዳውን በተመለከተም ስሙ ብቻ አይበቃም፤ የትኛው በር እንደሚከፈትና ታክሲ የት እንደሚያወርድ ቢጨመር ከሌላ ሰፈር የሚመጣው ቡድን አይንከራተትም።

ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት አንድ ሰው ሰረዝ ብቻ እየፈለገ ያንብበው፤ ይህም ከጻፈው ሰው ሌላ ቢሆን ይመረጣል።