«ረቡዕ ውሃ አይኖርም»

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ ደረጃው ሥር ይለጠፍ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚሰማው በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ቴሌግራም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክትን አስቀድሞ ጽፎ በተወሰነለት ሰዓት የማስላክ አገልግሎት ስላለው፣ የኮሚቴው ጸሐፊ እሁድ ጽፎት ሰኞ ማታ ሊደርስ ይችላል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ በጽሑፉና በንባቡ መካከል ጊዜ ያልፋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የጣሪያው ታንከር 10,000 ሊትር ይይዛል፤ ረቡዕ ህዳር 10 ቀን 2018 ሊታጠብ ታስቧል። ጸሐፊው ቀድሞ የሚያስበው ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ነው። አጣቢዎቹ «በሦስት ሰዓት እንጨርሳለን» ቢሉም፣ የታጠበ ታንከር ባዶ ታንከር ነው። የሚሞላበትን ፍጥነት ለማወቅ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከመስመሩ መቅዳት ይበቃል። በ40 ሴኮንድ ከሞላ መስመሩ በደቂቃ 30 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው፤ ታንከሩን ሙሉ ለመሙላት አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሲሶው እስኪሞላ ብቻ ቢጠበቅ እንኳ ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጀመረ ሥራ፣ እጥበቱ በሰዓቱ ቢያልቅ፣ ውሃ የሚሰጠው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ማስታወቂያው «እስከ 10 ሰዓት» ይበል። ውሃው ቀድሞ ቢመጣ ማንም አይቆጣም፤ ቢዘገይ ግን ልጅ ያላት እናት ምግብ ሳታበስል ታመሻለች። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ደግሞ እጥበቱ ተራው በሚደርስበት ቀን ካልሆነ ታንከሩን የሚሞላው ነገር የለም።

ይህ ከተወሰነ በኋላ መልእክቱ እንዲህ ይጻፋል፦

«ለብሎካችን ነዋሪዎች፤ ረቡዕ ህዳር 10 ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ውሃ አይኖርም። የጣሪያው ታንከር ይታጠባል። ማክሰኞ ማታ ወደ ታንከሩ የሚገባው ውሃ ስለሚዘጋ ከ3 ሰዓት በፊትም ሊያልቅ ይችላል፤ ማክሰኞ ከመምሸቱ በፊት እንድትቀዱ እንጠይቃለን። ረቡዕ ከቤት ስትወጡ ቧንቧ ዝጉ፣ ቦይለር አጥፉ።»

እዚህ ውስጥ «ነገ» የሚል ቃል የለም። ሰኞ ማታ የተላከውን አንዱ ማክሰኞ ጠዋት ያነበዋል፤ ሌላው ስልኩን ረቡዕ ይከፍታል። «ነገ» ለእያንዳንዳቸው ሌላ ቀን ነው። ሌሊት የሚጀምር ሥራ ደግሞ የበለጠ ያደናግራል፤ «ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት» ከማለት «ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ማለት ይሻላል።

የቧንቧው ነገር እንደዋዛ አይታለፍም። ሰው ጠዋት ቧንቧውን ከፍቶ ውሃ ሲያጣ ሳይዘጋው ሥራ ይሄዳል። ውሃው ከቀትር በኋላ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነው፤ ጎርፉም ታች ቤት ኮርኒስ ላይ ይታያል። ስለዚህ ይህችን ብቻ የምታስታውስ ሁለተኛ አጭር መልእክት ረቡዕ ጠዋት ሰው ከቤት ሳይወጣ ብትደርስ ጥሩ ነው።

ቀጠሮው የሚያዘው እንዲህ ነው፦ መልእክቱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የመላኪያው ቀስት ተጭኖ ይያዛል፤ «Schedule Message» የሚለው ይመረጣል፤ ቀንና ሰዓት ይሞላል። ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ የስልኩ ቀንና ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ነውና። ሰኞ ህዳር 8 ከምሽቱ 1 ሰዓት ለማለት ኖቬምበር 17፣ 19:00 ይሞላል። የረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩሉ መልእክት ኖቬምበር 19፣ 6:30 ነው። 12:30 ብሎ የሞላ ሰው መልእክቱን ለቀትር ያስቀምጠዋል፤ ያኔ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል።

አንዴ ከተቀጠረ ቴሌግራም የጸሐፊው ስልክ ቢጠፋም ይልከዋል። ይህ ጥቅሙም አደጋውም ነው። አጣቢዎቹ ማክሰኞ «አልተመቸንም» ብለው ቢቀሩና ጸሐፊው ቢረሳ፣ የረቡዕ ጠዋቱ መልእክት በሰዓቱ ይሄድና ነዋሪውን በከንቱ ያስጨንቃል። በግሩፑ የመጻፊያ ሳጥን አጠገብ በምትታየው ትንሽ ምልክት ገብቶ ማስተካከል ወይም መሰረዝ ይቻላል። ሆኖም ይህን ማድረግ የሚችለው ራሱ የቀጠረው ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው የኮሚቴ አባል መልእክቱ መቀጠሩን እንኳ አያይም። ስለዚህ ከአጣቢዎቹ ጋር የሚነጋገረውና መልእክቱን የሚቀጥረው አንድ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

የኮሚቴ አባላት ሆይ፣ «ውሃ ተመልሷል» የሚለውን ግን በቀጠሮ አታስቀምጡት። ታንከሩ ከተከፈተ በኋላ ከአንድ ቤት ቧንቧ አስከፍታችሁ እዩ፤ ድፍርሱና የክሎሪን ሽታው እስኪጠራ ይፍሰስ፤ ከዚያ በእጃችሁ ጻፉት።