የማድረሻ ሂሳቡን ማን ቀየረው?

ዕቃ እስከ ደንበኛው ቤት የሚያደርስ አንድ ሱቅ አለ እንበል። ዋጋ የሚያሰላው ፕሮግራም price.py በሚባል ፋይል ውስጥ ተጽፏል፤ ሁለት ፕሮግራመሮችም ይህንኑ ፋይል በየላፕቶፓቸው ከፍተው ይሠራሉ። ሰኞ ጠዋት የፋይሉ መጀመሪያ እንዲህ ይላል፦

```
vat = 0.15
delivery = 100
```

አሥራ አምስት በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ መቶ ብር ማድረሻ ማለት ነው። እሷ ነዳጅ ስለተወደደ ማድረሻውን 150 አደረገችው። እሱ ደግሞ ለበዓል ቅናሽ 80 አደረገው። አልተነጋገሩም። ፋይሉ በጋራ ፎልደር ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ኋላ ያስቀመጠው ሰው የፊተኛውን ሥራ ያጠፋው ነበር፤ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።

ጊት ይህን እንዳይሆን የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ ምክንያቱም የሊኑክስ አዘጋጆች እስከዚያ በነፃ ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ሶፍትዌር የነፃ ፈቃዱ በመነሣቱ ነው።

ጊት ሥራን የሚመዘግበው ኮሚት እያደረገ ነው። አንድ ኮሚት የፕሮጀክቱ ፋይሎች በሙሉ በዚያች ሰዓት የነበራቸውን መልክ ይይዛል፤ ማን እንደሠራው፣ መቼ፣ ለምን እና ከየትኛው ኮሚት ቀጥሎ እንደመጣም ይጽፋል። መዝገቡ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮግራመር አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ታሪኩን በራሱ ላፕቶፕ ይይዛል፤ ስለዚህ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀንም ኮሚት እያደረገ ይሠራል፣ መስመሩ ሲመለስ ይልከዋል።

ሁለቱ ባልደረቦች ከሰኞው ኮሚት ተነሥተው ለየብቻ ሄደዋል። እንዲህ ያለው መንገድ ብራንች ይባላል። የእሷ ሥራ main ወደሚባለው ዋናው ብራንች አስቀድሞ ገብቷል፤ የእሱ holiday በሚባል ብራንች ላይ ነው። አሁን ይዋሃዱ፦

```
git merge holiday
```

እዚህ ላይ ጊት የሚያደርገውን ማወቅ ደስ ይላል። ሁለቱን ፋይሎች ብቻ አያመሳክርም፤ የጋራ መነሻቸውን፣ የሰኞውን ፋይል፣ ሦስተኛ ምስክር አድርጎ ያቀርባል። አንድ ቦታ ላይ ከሰኞው የተለየው አንዱ ብቻ ከሆነ የለወጠውን ይወስዳል። እሱ ከአርባ መስመር በታች የደረሰኙን አጻጻፍ አስተካክሎ ከሆነ፣ እሷ እዚያ ስላልደረሰች ማስተካከያው ያለ ጥያቄ ይገባል። ማድረሻው ላይ ግን ሁለቱም ከ100 ርቀዋል፣ ያውም ወደተለያየ አቅጣጫ። ጊት ይቆማል፤ ኮንፍሊክት መኖሩን ተናግሮ ፋይሉን እንዲህ ይተወዋል፦

```
vat = 0.15
<<<<<<< HEAD
delivery = 150
=======
delivery = 80
>>>>>>> holiday
```

ከላይ ያለው የእሷ፣ ከታች ያለው የእሱ ነው። ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ አንዳንዱም ቸኩሎ የራሱን ያስቀርና የሌላውን ይሰርዛል። ሲደረግ አይቻለሁ፣ የሚያናድድ ነገር ነው። ኮንፍሊክት የተበላሸ ነገር ምልክት አይደለም፤ ሁለት ሰዎች መነጋገር ያለባቸው ቦታ እዚህ ነው የሚል ጥቆማ ነው። በእኛ ምሳሌ ምናልባት መልሱ ከሁለቱም አይደለም፤ መደበኛው 150 ሆኖ በበዓል ቀናት ብቻ 80 ይሁን ተባብለው ኮዱን እንደገና ይጽፉታል። ምልክቶቹን አጥፍተው `git add price.py` ብለው ኮሚት ሲያደርጉ ውህደቱ ያበቃል። ለመነጋገር ጊዜ ካስፈለገ `git merge --abort` ሁሉን ወደነበረበት ይመልሳል።

የበለጠ የሚያስፈራው ግን ጊት ዝም የሚልበት ጊዜ ነው። እሷ `delivery` የሚለውን ስም `delivery_fee` ብላ በነበረበት ሁሉ ቀየረችው እንበል። በዚያው ሰሞን እሱ አዲስ ፋይል ከፍቶ በቀድሞው ስም የሚጠራ መስመር ጻፈ። የነኩት ቦታ ስላልተገናኘ ጊት ያለ ኮንፍሊክት ያዋህዳቸዋል፤ ፕሮግራሙ ግን እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ያንን ስም አላውቀውም ብሎ ይወድቃል። ጊት የሚያየው የጽሑፍ መስመር ነው፣ የኮዱን ትርጉም አይደለም። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ቡድን ከእያንዳንዱ ውህደት በኋላ የፕሮግራሙን ፈተናዎች የሚያስኬደው።

ከስድስት ወር በኋላ አንድ አዲስ ተቀጣሪ 150ን አይቶ ይህ ከየት መጣ ይላል። `git blame price.py` ብሎ ሲጽፍ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የመጨረሻ የነካው ሰው ስም፣ ቀኑና የኮሚቱ መለያ ይወጣለታል። መለያውን ይዞ `git show` ሲል እሷ ያን ዕለት የተወችውን መልእክት ያነባል። «ማስተካከያ» ብላ አልፋ ከሆነ አንድም ነገር አላወቀም። «ነዳጅ ስለተወደደ ማድረሻ ከ100 ወደ 150 ብር» ብላ ከሆነ ግን፣ እሷ መሥሪያ ቤቱን ለቃ ብትሄድ እንኳ ጥያቄው ተመልሶለታል።