ቃለ ጉባኤ፦ ውሳኔውን ብቻ ወይስ ውይይቱንም ጭምር?

የማኅበራትና የኮሚቴዎች ቃለ ጉባኤ በሁለት መንገድ ሊያዝ ይችላል። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ አጀንዳ የተላለፈውን ውሳኔ፣ ፈጻሚውንና የመፈጸሚያውን ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። ሁለተኛው ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን ወደ ውሳኔው ያደረሱትን ሐሳቦችና ክርክሮችም ይይዛል። አንድ ኮሚቴ ከሁለቱ የሚስማማውን ለመምረጥ፣ በመጀመሪያ የመተዳደሪያ ደንቡን፣ ቀጥሎም ሰነዱን ወደፊት ማን እንደሚያነበውና ምን እንደሚፈልግበት ማየት ይኖርበታል።

ለምሳሌ ሰባት አባላት ያሉት የአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴ፣ የባንክ ሒሳብ ፈራሚ ለመለወጥ ተሰብስቧል እንበል። የባንኩ ሠራተኛ የሚፈልገው ማን እንደተነሣ፣ ማን እንደተተካና በምን ሥልጣን እንደተወሰነ ነው። ስለዚህ የሚከተለው አጻጻፍ ይበቃል፦ «ከ7 አባላት 5ቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የቀድሞዋ ገንዘብ ያዥ ፊርማ ተሰርዞ በአዲሱ ገንዘብ ያዥ እንዲተካ፣ ገንዘብም በሰብሳቢውና በገንዘብ ያዡ ጣምራ ፊርማ ብቻ እንዲወጣ በ4 ድጋፍና በ1 ተቃውሞ ተወስኗል። ጸሐፊው ደብዳቤውን እስከ መጪው ዓርብ ለባንኩ ያደርሳል።» በዚህ ፈንታ የአባላቱ ንግግር በሁለት ገጽ ተዘርዝሮ «ፈራሚው ቢለወጥ መልካም ነው የሚል ሐሳብ ቀርቧል» በሚል ቢዘጋ፣ ሐሳብ እንጂ ውሳኔ አልተመዘገበም። ማኅበሩም እንደገና ተሰብስቦ እስኪወስን ገንዘቡን ማንቀሳቀስ ሊያዳግተው ይችላል።

የዲሲፕሊን ጉዳይ የሚመረምር ኮሚቴ ሁኔታ ግን ከዚህ ይለያል። ቃለ ጉባኤው «ተከሳሹ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል» ብቻ ካለ፣ ይግባኙን የሚመለከተው አካል የትኛው ማስረጃ እንደታመነና የተከሳሹ መከላከያ ለምን ውድቅ እንደተደረገ ሊያውቅ አይችልም። በመሆኑም ክሱ፣ የተከሳሹ መልስ፣ የምስክሮች ቃል፣ የሰነድ ማስረጃውና ኮሚቴው የተቀበለው ምክንያት በየተራ ሊሰፍሩ ይገባል። በሐሳብ የተለየ አባል ካለም ልዩነቱ ከነምክንያቱ ይመዘገባል።

ውይይትን መመዝገብ የራሱ ችግር አለው። እያንዳንዱ አስተያየት ከተናጋሪው ስም ጋር ሲጻፍ አባላት በግልጽ ከመናገር ይቆጠባሉ፤ በፊርማ ጊዜም «እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚል ክርክር ይነሣል። የዲሲፕሊን ምርመራን በመሰለ ጉዳይ የተከሳሽና የምስክር ቃል ከነስሙ መጻፉ ግድ ነው። በሌሎች ጉዳዮች ግን የቀረቡትን አማራጮችና አንዱ የተመረጠበትን ምክንያት ያለ ስም በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር መግለጽ ይቻላል። ብዙ ገንዘብ የሚወጣባቸው ውሳኔዎች በዚህ መንገድ ቢያዙ፣ በኋላ «ለምን ይህ ተመረጠ?» ለሚል አባል ወይም ኦዲተር መልስ ይገኛል።

ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት በስብሰባው ላልነበረ አባል ቢሰጥ ጉድለቱ ይታያል። አንባቢው ምን እንደተወሰነና ማን እስከ መቼ እንደሚፈጽም መናገር ካልቻለ፣ ሰነዱ ገና አልተሟላም ማለት ነው።