ከብይን በፊት መረዳት፦ በኑሮ የሚገለጥ ሃይማኖትና የድሬ ሼህ ሁሴን ዚያራ

የፊቅህ መምህራን ለደረሶቻቸው ከሚያስጨብጧቸው መርሖች አንዱ፣ በአንድ ነገር ላይ ብይን መስጠት ነገሩን በሚገባ የመረዳት ቅርንጫፍ ነው የሚለው ነው። መርሑ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን ብዙ ይጠይቃል። ምእመናን በቤታቸው፣ በጾማቸውና በዚያራቸው የሚፈጽሙትን በቅርብ ሳናውቅ «ይፈቀዳል» ወይም «ይከለከላል» ስንል፣ ብይናችን ያረፈው በሰዎቹ ተግባር ላይ ሳይሆን እኛ ስለ ተግባራቸው በገመትነው ላይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ «በኑሮ የሚገለጥ ሃይማኖት» የሚባለው የጥናት ስልት ለዚህ ችግር ምን እንደሚጠቅም፣ የት ላይም እንደሚያቆም በአንድ የአገራችን ምሳሌ እናሳያለን።

ስልቱ የተወለደው ከእስልምና ጥናት ውስጥ አይደለም። አሜሪካዊው የሃይማኖት ታሪክ ተመራማሪ ሮበርት ኦርሲ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኒው ዮርክ ሃርለም የሰፈሩ ጣሊያናውያን ካቶሊኮች ለማርያም ያከብሩት የነበረውን ዓመታዊ በዓል አጠና። ቀሳውስቱ የሚያስተምሩትን ብቻ መዝግቦ አላበቃም፤ በጎዳናው የሚሆነውን፣ በየቤቱ ያለውን ሕይወትና እናቶች በስለታቸው የሚጠይቁትን ጭምር ተከታተለ። ከእርሱም በኋላ ሜሬዲት ማክጓየርን የመሰሉ ተመራማሪዎች መንገዱን አስፍተውታል። የሁሉም መነሻ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሃይማኖቱ ምን ያዛል?» ከሚለው አስቀድሞ «ይህ ሰው ምን አደረገ? ምን አለ? በእርሱ ዘንድስ ትርጉሙ ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ለእኛ አገር ሙስሊሞች ይህ ጥያቄ የሚጀምረው ከቤት ነው። በወሎ ብዙ ቤቶች የዱዓ ስፍራ ተለይቶ የተሠራ ክፍል ወይም የተተከለ ምልክት የለውም። ቤቱን የዱዓ ስፍራ የሚያደርገው የሚከናወነው ነገር ነው፤ ረከቦቱ ይቀርባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ይሻገራል፣ በመካከሉም ታላላቆች እየመረቁ ሌሎች «አሚን» ይላሉ። ሲኒው ሲነሣ ስፍራው ተራ ምድጃ ይሆናል። ይህን ለማጥናት የሚመጣ ሰው ዕቃ ቢፈልግ ምንም አያገኝም፤ ሰዓቱን፣ ቃሉንና መራቂውን ቢከታተል ግን ብዙ ያገኛል። ከመራቂዎቹ አያሌዎቹ ሴቶች መሆናቸውንም ያያል፤ ይህም በመስጊድ በር ብቻ ለሚቆም ተመራማሪ የማይታይ ነው።

ጾምም እንዲሁ ነው። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት በረመዷን እንደማትጾምና ያመለጧትን ቀናት በኋላ እንደምታወጣ መጽሐፍቱ በግልጽ ደንግገዋል። እመት ዓኢሻም (ረ.ዐ.) የረመዷን ቀዳዋን ሻዕባን ላይ ታወጣ እንደነበር በሐዲስ ተላልፏል። መጽሐፉ የማይነግረን ግን ይህች ሴት በዚያ ቀን የት ሆና እንደምትበላ፣ ከማን ተደብቃ እንደምትጠጣ፣ ራሷ ሳትጾም ለቤተሰቡ ሱሑርና ኢፍጧር ስታዘጋጅ እንዴት እንደምትውል ነው። ሕጉ የሰጣትን ፈቃድ በኀፍረት የምታሳልፍ ከሆነ፣ መምህሩ ሊያስተምር የሚገባው ሕጉን መልሶ መንገር ብቻ ሳይሆን ለባልና ለልጆች ጭምር ፈቃዱን ማስረዳት ይሆናል። ይህንን የሚያውቀው ኑሮውን ያየ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ክርክር ወደሚበዛበት ወደ ዚያራ እንለፍ። ድሬ ሼህ ሁሴን በባሌ፣ ከዋቢ ሸበሌ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ምድር የሚገኝ ጥንታዊ የዚያራ ስፍራ ነው። ምእመናን በተለይ በመውሊድ ወቅትና በዙል ሒጃ ወር ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌሎችም አካባቢዎች ይጎርፋሉ። ብዙዎች ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ በትር ይይዛሉ፤ ለረጅም ጊዜ እየተጓዙ የሚኖሩት ጋሪባ ይባላሉ። በመንገድና በግቢው ውስጥ ባሕሮ የተሰኘው የውዳሴ ዜማ ይሰማል። በነጭ ኖራ የተቀባው መቃብር ዘንድ ሲደርሱ አንዳንዶች ጀዋራ የሚባለውን አፈር ይወስዳሉ፤ ግንባራቸውን ይቀባሉ ወይም ለታመመ ዘመድ ቋጥረው ያኖራሉ።

ከግቢው ውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይህ ሁሉ አንድ ተግባር ይመስላል። ከነዚህ ተጓዦች መካከል ሦስቱን በምሳሌነት ለይተን እንመልከት። የመጀመሪያው መቃብሩ ዘንድ ቆሞ ሰላምታ ያቀርባል፣ ፋቲሓ ይቀራል፣ ለሟቹ የአላህን ምሕረት ይለምናል። ሁለተኛዋ እጇን ወደ አላህ ዘርግታ «በዚህ ወዳጅህ ክብር ልጄን አድንልኝ» ትላለች። ሦስተኛው «ሼህ ሁሴን ሆይ ልጅ ስጠኝ» ይላል። ሦስቱም አንድ መንገድ መጥተዋል፣ አንድ ዓይነት በትር ይዘዋል፣ ምናልባትም ሦስቱም ጀዋራ ቋጥረዋል። ቃላቸው ግን ሦስት ነው፤ በሊቃውንት ዘንድ ያለው ብይንም እንዲሁ ይለያያል። መቃብርን መጎብኘት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድመው ከልክለውት በኋላ የፈቀዱት መሆኑ በሐዲስ የታወቀ ነው። በወዳጆች ክብር መማለድ፣ ማለትም ተወሱል፣ ሊቃውንት የተከራከሩበት ነው፤ ኢብን ተይሚያህ አጥብቀው ሲቃወሙት፣ ተቂዩዲን አስ-ሱብኪ ለዚያራና ለተወሱል የሚሟገት መጽሐፍ ጽፈዋል። አላህ ብቻ የሚሰጠውን ከሟች መለመን ደግሞ ከሁለቱ ፈጽሞ የተለየ፣ የተውሒድን መሠረት የሚነካ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ሁሉን በአንድ ቃል የሚኮንን ኢማም የመጀመሪያውን ሰው ከሱና ተግባሩ ያባርረዋል። ሁሉን በአንድ ቃል የሚከላከል ደግሞ ሦስተኛውን ያለ ተግሣጽ ይተወዋል። በባሌ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በዚያራው ዙሪያ የተነሣው ውዝግብ ቤተሰብን ከቤተሰብ፣ ወጣትን ከሽማግሌ ያጣላ ነበር። የኖርዌዩ ተመራማሪ ተርየ ኦስተቦ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የሰለፊያ ትምህርት በባሌ እንዴት ሥር እንደ ሰደደ ሲያጠኑ ይህን የትውልዶች ክርክር በስፋት አሳይተዋል። ሁለቱ ወገኖች በሕጉ መለያየታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስለ ተለያዩ ሰዎች እየተናገሩ ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላቸዋል።

ልዩነቱ በቃል ብቻ የማይገለጥበትም ጊዜ አለ። ለዚህ ስለትን እንመልከት። አንዲት እናት «ለሼህ ሁሴን በግ ተስዬ ነበር» ብትል፣ ዐረፍተ ነገሩ ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው፣ በጉ ለሼሁ የቀረበ መሥዋዕት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ስለቱ ለአላህ ሆኖ በጉ ግን በሼሁ ስፍራ ታርዶ ለድኾችና ለደረሶች ይከፋፈላል የሚል ነው። በባሌ በስፋት በሚሠራበት የሻፊዒይ መዝሀብ መጻሕፍት ውስጥ ወደ መቃብር የሚወሰድ ነዝር ሲመረመር፣ የባለ ስለቱ ሐሳብና ንብረቱ በአካባቢው ልማድ ለማን እንደሚደርስ ይጠየቃል። ለሟቹ ተብሎ ከሆነ ነዝሩ ከንቱ ነው፤ በስፍራው ላሉ ችግረኞች ተብሎ ከሆነ ግን ፍርዱ ይለወጣል። እዚህ ላይ ፊቅሁ ራሱ የመስክ ጥናት እንደሚጠይቅ ልብ ይሏል። ሥጋው የት እንደሚሄድ ያላየ ሰው መጽሐፉን ቢያነብ እንኳ ፍርዱን ሊያወጣ አይችልም።

ታዲያ እንዴት ይጠየቃል? መምህር ወይም ኢማም የሆነ ጠያቂ ትልቁ እንቅፋቱ ክብሩ ነው። «ስለትሽ ለአላህ ነው ወይስ ለሼሁ?» ብሎ የጀመረ እንደሆነ፣ መልሱ «ለአላህ» እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ያ ግን ለጥያቄው የተሰጠ ትክክለኛ መልስ እንጂ የተደረገው ነገር ዘገባ አይደለም። ስለዚህ ተግባሩን በቅደም ተከተል ማስተረክ ይሻላል፤ ስለቱ መቼ ተነገረ? በምን ቃል? ማን ሰማ? በጉን ማን አረደ? ሥጋውን እነማን በሉት? ባይደርስ ኖሮ ምን ይመጣል ተብሎ ተፈራ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ብዙ ይገልጣል። አንዱ «ቃሌን አፍርሼ አላህ ዘንድ እጠየቃለሁ» ሲል፣ ሌላው «ሼሁ ይቀየመኛል» ይላል። ጠያቂው ተናጋሪው ለእርሱ የነገረውንና በቡና ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚለውን ካላመሳከረም ጥናቱ ጎደሎ ይሆናል። ሁለቱ የሚለያዩ ከሆነ አንደኛው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ሰውየው ሁለቱንም በልቡ ይዞ እንደሚኖር ያመለክታል እንጂ።

በዚህ ስልት ተመራማሪዎች የሚስቱባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው፣ «የሕዝብ እስልምና» እና «የዑለማ እስልምና» ብሎ በግድግዳ መለየት ነው። ታሪካችን ይህን አይደግፍም። በወሎ የመውሊድ በዓል ማእከል የሆነውን ጃማ ንጉሥን የመሠረቱት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ያልተማሩ ሰው ሳይሆኑ ዓሊም ነበሩ፤ መንዙማ ከደረሱት መካከልም አያሌዎቹ ፊቅህና ነሕው ያስተማሩ ሼሆች ናቸው። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ የሚደረገው ሁሉ መልካም ነው ወደሚል አድናቆት መንሸራተት ነው። በኑሮ የሚገለጥ ሃይማኖት ጥናት ምን እንደሚደረግ ያሳያል እንጂ ምን መደረግ እንዳለበት አይበይንም። ልማድ መኖሩ ልማዱን ሐላል አያደርገውም። ብይኑ ከማስረጃዎቹና ከዑሱል ይወጣል፤ ጥናቱ የሚያቀርበው ብይኑ የሚያርፍበትን ነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የመውሊድ ወቅት ስለ ዚያራ ለሚጠየቅ ኢማም የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ጠያቂውን «ወደ ድሬ መሄድ እንዴት ነው?» ከሚለው ጥቅል ጥያቄ አውጥቶ፣ «እናትህ እዚያ ደርሳ ምን አለች? የወሰደችውስ ለማን ደረሰ?» ብሎ ይጠይቀው። መልሱን ካላወቀው ሄዶ እናቱን ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፈትዋ ቢያጠብቅም ቢያቀልም፣ ስለ እርሷ የተሰጠ ይሆናል።