የዳታቤዝ ንድፍ ሲፈተሽ

የአንድ ኮሌጅ የምዝገባ ዳታቤዝ ንድፍ ቀረበልን እንበል። በተማሪው ሠንጠረዥ ውስጥ «ኮርስ1፣ ኮርስ2፣ ኮርስ3» የሚሉ ዓምዶች ከተደረደሩ ተደጋጋሚ ቡድን አለ፤ አራተኛ ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ቦታ ያጣል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ምዝገባ የራሱን ረድፍ መስጠት ነው። ያኔ የተማሪው መለያ ቁጥርና የኮርሱ ኮድ በጥምረት ቁልፍ ይሆናሉ።

ቀጥሎ የየዓምዱን ዋጋ ለማወቅ ሁለቱም ያስፈልጉ እንደሆነ ይጠየቃል። ለውጤት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የኮርሱ ርዕስ ግን በኮዱ ብቻ ይታወቃል፤ ይህ ከፊል ጥገኝነት ነው። 100 ተማሪዎች ከተመዘገቡ ርዕሱ 100 ጊዜ ይጻፋል፤ ሲታረም አንድ ረድፍ ከተዘለለ አንድ ኮርስ ሁለት ርዕስ ይይዛል። ስለዚህ ርዕሱ ከኮዱ ጋር በሌላ ሠንጠረዥ ይቀመጣል። ርዕሱ በየዓመቱ የሚለያይ ከሆነ ግን ኮዱ ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ንድፉ ስለማይነግረን ሬጅስትራሩን መጠየቅ ግድ ነው።